«10:20 PM» ስንት ሰዓት ነው? በድሬዳዋ የአንድ ጂሜይል አካውንት ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት በድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር ሒሳብ በሚይዙ እናት የጂሜይል አካውንት ላይ የደረሰውንና አካውንቱን ለማጽዳት የሄድንበትን መንገድ የሚዘረዝር ነው። እኔ የኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ስሆን የመደብሩን ኮምፒውተሮች የምከታተለውም እኔ ነኝ። ባለጉዳይዋ ነገሩ እንዲጻፍ የፈቀዱት ስማቸውና የመደብሩ ስም እንዳይጠቀስ አደራ ብለው ነው። እኔም እዚህ ላይ በአካል እንደምጠራቸው «እትዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

እትዬ አካውንቱን የሚጠቀሙበት ለደብዳቤ ብቻ አልነበረም። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ ሰነድ፣ የመደብሩ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቅጂ፣ የባንክ ደብተር ፎቶ እንዲሁም በዱቤ ዕቃ የወሰዱ 11 ደንበኞች የመታወቂያ ቅጂ ሁሉ በዚያው አካውንት ውስጥ ባለው ድራይቭ ላይ ተቀምጧል። ድራይቭ ለእሳቸው የወረቀት ሳጥን ምትክ ነበር፤ ጉዳዩም ጠቅልሎ የሚያጠነጥነው በዚህ ሳጥን ላይ ነው።

ማንቂያው የመጣበት ጠዋት

ዕለቱ ዓርብ ነበር። እትዬ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ስልካቸው ላይ ከጉግል የመጣ የደኅንነት ማንቂያ አገኙ። «New sign-in on Windows» የሚል ሲሆን ሰዓቱም የትናንት 10:20 PM ነበር። ይህን ሲያነቡ እምብዛም አልደነገጡም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመደብሩ ፕሪንተር ቀለም ጨርሶባቸው ስለነበር ሙቀቱ በረድ ካለ በኋላ አሥር ሰዓት አካባቢ ወደ አንድ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ሄደው፣ እዚያ ባለው ኮምፒውተር ጂሜይላቸውን ከፍተው ሰነድ አሳትመው ነበር። «ከሰዓት 10:20 ማለት እኔው ራሴ ነኝ» ብለው ማንቂያውን ሊያልፉት ነበር።

አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ግን «አክስቴ፣ ለማንኛውም የይለፍ ቃሉን እንቀይረው» ብሎ ወዲያውኑ በእሳቸው ስልክ ቀየረላቸው። ልጁ የሚመሰገን ነገር አድርጓል፤ ያውም ማንቂያው ላይ ያለውን ማያያዣ ሳይነካ፣ አሳሹን ከፍቶ myaccount.google.com ብሎ ራሱ ጽፎ በመግባት ነበር። አጭበርባሪዎች የጉግልን ማንቂያ አስመስለው ስለሚልኩ በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ማያያዣ ተጭኖ የይለፍ ቃል መጻፍ አካውንቱን በገዛ እጅ ማስረከብ ሊሆን ይችላል። ማንቂያው እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በአካውንቱ ውስጥ «Security» በሚለው ክፍል፣ «Recent security activity» በሚለው ዝርዝር ሥር ያው ክስተት ተመዝግቦ ሲገኝ ነው። የእትዬ ማንቂያ እዚያ ነበር።

የይለፍ ቃሉ የተቀየረው ጠዋት 12:52 ላይ ሲሆን ሁለቱም ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሏቸው ነበር። እኔ መደብሩ የደረስኩት ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ያውም ለፕሪንተሩ ቀለም ለማምጣት ነው። እትዬ ቡና እያስቀረቡ የጠዋቱን ነገር እንደ ወሬ አነሡልኝና «አሳየኝ ካልክ እንካ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

የመሣሪያዎቹ ዝርዝር

መጀመሪያ የከፈትኩት «Your devices» የሚለውን ገጽ ነው። ይህ ገጽ አካውንቱ አሁን የተከፈተባቸውንና ባለፉት ጥቂት ሳምንታት ተከፍቶባቸው የነበሩ መሣሪያዎችን ያሳያል። አራት መስመር ነበር፦ የእትዬ ስልክ፣ የመደብሩ ኮምፒውተር እንዲሁም «Windows» ብቻ የሚሉ ሁለት። ሁለቱ ዊንዶውሶች የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ከአካውንቱ ስለተባረሩ «Signed out» የሚል ምልክት ይዘዋል። አንደኛው ሐሙስ 4:08 PM፣ ሁለተኛው ሐሙስ 10:20 PM ላይ የታየ ነው።

ስለ ሁለቱ ስጠይቃቸው እትዬ ግራ ተጋቡ። «ሐሙስ የሕትመት ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ነው። ደግሞ ከሰዓት አራት ሰዓት የሚባል ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ።

ነገሩ የተፈታው በዚህ ጥያቄ ነው። ጉግል የሚጽፈው የፈረንጅ ሰዓት ነውና እኛ ወደምንቆጥርበት ለመመለስ የስድስት ሰዓት ልዩነቱን ማስላት ያስፈልጋል። 4:08 PM የእኛ ከሰዓት 10:08 ነው፤ ይህ እትዬ ራሳቸው ያሳተሙበት ጊዜ ነው። 10:20 PM ደግሞ የእኛ ማታ 4:20 ነው፤ በዚያ ሰዓት እትዬ ሳቢያን ባለው ቤታቸው ተኝተው ነበር። PM የሚለውን «ከሰዓት» ብሎ ማንበብ እንግዳውን ሰው በባለቤቱ ቦታ አስቀምጦት ነበር። ማንቂያው ላይ «Yes, it was me» የሚለውን ቢጫኑት ኖሮ የሌላውን ሰው መግባት ራሳቸው ባጸደቁት ነበር። ይህ ስሕተት የእሳቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ስልካቸውን በአበሻ ሰዓት የሚያነቡ ሰዎች ሁሉ ዘንድ ሊኖር የሚችል ስለሆነ ከማንኛውም እርምጃ በፊት ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፎ መመለስ ይበጃል።

ስለ ቦታውም አንድ ነገር ልጨምር። እንግዳው ዊንዶውስ አጠገብ «Addis Ababa, Ethiopia» የሚል ተጽፎ ነበር። የወንድማቸው ልጅ ይህን ሲያይ «ሌባው አዲስ አበባ ነው» አለ። ነገር ግን የእትዬ የራሳቸው ስልክም አዲስ አበባ ተብሎ ተጽፏል፤ እሳቸው ደግሞ ከድሬዳዋ ከወጡ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ጉግል ቦታውን የሚገምተው ከኢንተርኔት አድራሻው ተነሥቶ ነው፤ አድራሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ኔትወርኩ የተመዘገበበትን ከተማ እንጂ ሰውየው የተቀመጠበትን ሰፈር አይደለም። ስለዚህ የከተማ ስም ማንንም ነጻ አያወጣም፣ ማንንም አይወነጅልም። የተሻለ ምስክር የሚሆኑት የመሣሪያው ዓይነት፣ የአሳሹ ስምና ሰዓቱ ናቸው።

የይለፍ ቃሉ ያልዘጋው በር

ከዚያ በኋላ myaccount.google.com/connections የሚለውን ገጽ ከፈትኩ። ይህ ከአካውንቱ ጋር የተገናኙ የሌሎች ድርጅቶች መተግበሪያዎችና አገልግሎቶች የሚታዩበት ነው። ሦስት ነበሩ። አንዱ ልጁ የጫነው ጨዋታ ሲሆን የሚያውቀው የእትዬን ስም፣ ፎቶና የኢሜይል አድራሻ ብቻ ነው። «በጉግል ግባ» የሚለውን በመጫን የሚፈጠረው ግንኙነት ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ነው፤ ፋይል አይነካም። ሁለተኛው ከዓመት በፊት ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ ለመቀየር የተፈቀደና ከዚያ ወዲህ የተረሳ ነው። ሦስተኛውን ማንም አላወቀውም።

ሦስተኛው ፋይሎችን ከአንድ የኢንተርኔት ማከማቻ ወደ ሌላ የሚያጓጉዝ አገልግሎት ነበር። ዝርዝሩን ስከፍተው የተሰጠው ፈቃድ በጉግል ድራይቭ ያሉ ፋይሎችን በሙሉ ማየት፣ ማረም፣ መፍጠርና መሰረዝ መሆኑን ያሳያል። ፈቃዱ የተሰጠው ሐሙስ 10:31 PM፣ ማለትም ማታ 4:31 ላይ ነው፤ እንግዳው ከገባ ከ11 ደቂቃ በኋላ። የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ አራት ሰዓት አልፎታል፣ ግንኙነቱ ግን እንዳለ ነው።

ለምን እንዳልተቋረጠ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነውና። አንድ መተግበሪያ ፈቃድ ሲሰጠው የይለፍ ቃላችንን አይወስድም። ጉግል ለዚያ መተግበሪያ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ መተግበሪያው ከዚያ በኋላ የሚገባው በዚያ ቁልፍ ነው። የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ጉግል ደብዳቤዎችን የማንበብ ፈቃድ ያላቸውን ቁልፎች ይሰርዛል። ድራይቭን ብቻ የሚመለከት ቁልፍ ግን በይለፍ ቃል ለውጥ አይሰረዝም፤ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ እስኪያቋርጠው ድረስ ይሠራል። ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥም አይገኝም፤ ምክንያቱም ፋይሉን የሚወስደው የአገልግሎቱ ሰርቨር እንጂ የማንም ስልክ ወይም ኮምፒውተር አይደለም። የመሣሪያዎቹን ገጽ ብቻ አይቶ «ሁሉም ወጥተዋል» ያለ ሰው ሰነዶቹ ቀኑን ሙሉ ሲቀዱ ሊውሉ ይችላሉ።

እትዬ ይህን ስነግራቸው የያዙትን ስኒ አስቀመጡና «ልጄ፣ የደንበኞቼ መታወቂያ እኮ ነው ያለው» አሉ። ስለራሳቸው ገንዘብ የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ለማቋረጥ እጄ ቢቸኩልም አስቀድሜ ገጹን በሌላ ስልክ ፎቶ አነሣሁ፤ የአገልግሎቱን ስም፣ የፈቃዱን ዓይነትና የተሰጠበትን ሰዓት፣ እንዲሁም የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ጭምር። ግንኙነቱ አንዴ ከተቋረጠ ከዝርዝሩ ስለሚጠፋ በኋላ ለፖሊስም ሆነ ለባንክ የሚያሳዩት ነገር አይኖርም። ያለፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነውና ማስረጃውን ማቆየት ተገቢ ነው። ፎቶው አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ እንግዳውን አገልግሎትና የተረሳውን የፒዲኤፍ መቀየሪያ ሁለቱንም አቋረጥን።

የቀሩት ቦታዎች

ማንቂያዎቹ ለምን በኢሜይል ሳጥኑ ውስጥ እንደሌሉ ስንፈልግ «Trash» ውስጥ አገኘናቸው። ሁለት ነበሩ፦ አንዱ ስለ አዲሱ መግባት፣ ሌላው ያ አገልግሎት ፈቃድ እንደተሰጠው የሚያስታውቅ። እንግዳው ሁለቱንም ጥሏቸዋል፤ የመጀመሪያው የተረፈው ስልኩ ላይ ብቅ ብሎ ስለቀረ ብቻ ነው። ጂሜይል የተጣለ መልእክትን 30 ቀን ያቆያልና ማንቂያ የደረሰው ሰው ይህን ቦታ ሳያይ ማለፍ የለበትም። ጉግል የማንቂያውን ቅጂ ወደ መጠባበቂያ ኢሜይልም ይልካል፤ የእትዬ መጠባበቂያ ግን ከብዙ ዓመት በፊት የተውት፣ መግቢያው የጠፋባቸው አድራሻ ነበር። እሱን በወንድማቸው ልጅ አድራሻ ተካነው።

በጂሜይል «Settings» ውስጥ «Forwarding and POP/IMAP» እና «Filters and Blocked Addresses» የሚሉትን ገጾች በኮምፒውተር ከፍተን አየን፤ በስልኩ መተግበሪያ ውስጥ አይገኙም። እንግዳ ሰው ደብዳቤዎች ወደ እሱ እየተቀዱ እንዲሄዱ ወይም ከባንክ የሚመጣ መልእክት በቀጥታ ወደ ቆሻሻ እንዲጣል የሚያዘው እዚያ ነው። ምንም አልነበረም። የመጠባበቂያ ስልክ ቁጥሩም የራሳቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃሉን ለሁለተኛ ጊዜ ቀየርን። ልጁ ጠዋት የቀየረው የድሮውን ይዞ መጨረሻው ላይ ሁለት ቁጥር በመጨመር ስለነበር የድሮውን የሚያውቅ ሰው ሊገምተው ይችል ነበር። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ከፈትን፤ አዲስ መሣሪያ ሲገባ የእትዬ ስልክ ላይ ጥያቄ ይመጣል ማለት ነው። ስልኩ ቢጠፋ የሚያገለግሉትን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች እትዬ በእጃቸው ሒሳብ መዝገባቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፏቸው። እያንዳንዱ ኮድ ስምንት አኃዝ ያለውና አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። ፎቶ አንሥቼ ድራይቭ ላይ ላስቀምጠው ወይ ሲሉኝ እንዳያደርጉት ነገርኳቸው፤ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ መሄድ ነውና።

ስለ ቅደም ተከተሉ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። እንግዳው ገና ውስጥ ካለ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉ ይቀየር፤ አለበለዚያ እኛ የምናቋርጠውን መተግበሪያ እሱ መልሶ ሊያገናኘው ይችላል። ቀጥሎ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር፣ ከዚያ የተገናኙት መተግበሪያዎች ይታዩ። በማግሥቱ ደግሞ ሁለቱ ዝርዝሮች እንደገና ይከፈቱ። ሥራው ሁሉ መሠራት ያለበት በራስ ስልክ ወይም በሚታመን ኮምፒውተር ነው፤ አካውንቱ ከተጠለፈበት ኮምፒውተር ላይ ሆኖ አዲስ የይለፍ ቃል መጻፍ አዲሱንም መስጠት ነው።

በሕትመት ቤቱ የተገኘው

ቅዳሜ ዕለት ከእትዬ ጋር ወደ ሕትመት ቤቱ ሄድን። ባለቤቱ ነገሩን ሲሰሙ ደነገጡ እንጂ አልተቆጡም፤ ኮምፒውተሩንም ራሳቸው ከፈቱልን። በክሮም አሳሽ የአድራሻ መጻፊያ ላይ ይህን ጻፍኩ፦

```
chrome://password-manager/passwords
```

ዝርዝሩ ረጅም ነበር። የእትዬ ኢሜይል አድራሻ ከነይለፍ ቃሉ ከብዙ ደንበኞች አድራሻ ጋር ተቀምጧል። ከዚህ የባሰው በአሳሹ ቀኝ ጥግ ያለው የፕሮፋይል ምልክት ነው። ክሮሙ በአንድ ግለሰብ አካውንት የተከፈተና ማመሳሰያው የበራ ነበር። ይህ ማለት በዚያ ኮምፒውተር «Save password?» ለሚለው ጥያቄ «Save» የተባለለት ሁሉ የይለፍ ቃል በዚያ ኮምፒውተር ሳይወሰን ያ ግለሰብ ክሮም በከፈተበት በማንኛውም ሌላ መሣሪያ ላይ ይገኛል። እትዬ ጥያቄውን መጫናቸውን አያስታውሱም፤ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ የመጣውን ሁሉ መጫን ያለ ነገር ነው። ባለቤቱ እንደነገሩን ያ አካውንት ሥራውን የለቀቀ ሠራተኛ ከፍቶት የሄደው ነው።

በዚህ ብቻ ማንንም ሌባ ማለት አይቻልም። ያ ሠራተኛ ራሱ ስልኩን ወይም አካውንቱን ለሌላ አሳልፎ ሰጥቶ፣ ወይም ራሱም ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። እኛ ማረጋገጥ የቻልነው የይለፍ ቃሉ በየት በኩል እንደወጣ የሚያሳይ አንድ አሳማኝ መንገድ ብቻ ነው። ባለቤቱ ያን ፕሮፋይል አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ደንበኛ የሚገባበትን መስኮት በ«Guest» እንዲከፍቱ አሳየኋቸው። በዚህ መንገድ የተከፈተ መስኮት ሲዘጋ የገባው አካውንትም ሆነ የተጻፈው የይለፍ ቃል አብሮ ይጠፋል። ስማቸው በዝርዝሩ ላይ ለተገኘ ደንበኞች የሚያውቋቸውን ያህል ደውለው እንዲነግሩ ቃል ገቡልን፤ እዚያው ቆመን ሳለ ሁለት ሰው ጋ ደወሉ።

በዚያው ዕለት ቴሌግራምንም አየን፤ እትዬ አንዳንድ ጊዜ ሰነድ ለማሳተም ቴሌግራምን በዚያ ኮምፒውተር ላይ ይከፍቱት ነበርና። በ«Settings» ውስጥ «Devices» ሲከፈት የሕትመት ቤቱ ኮምፒውተር እስካሁን እንደገባ ነበር። «Terminate All Other Sessions» በሚለው አስወጣነው።

ሊመለስ ያልቻለው

አገልግሎቱ ከሐሙስ ማታ 4:31 እስከ ዓርብ ረፋድ ድረስ ከ12 ሰዓት በላይ በር ተከፍቶለት ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የትኛውን ፋይል እንደወሰደ ማወቅ አልቻልንም። የግል ድራይቭ «Activity» ገጽ ፋይል ሲታረም፣ ሲዛወር ወይም ለሌላ ሰው ሲጋራ ይመዘግባል፤ ሲታይና ሲወርድ ግን አይመዘግብም። ግንኙነቱን ማቋረጥም ወደፊት የሚወሰደውን ይከለክላል እንጂ የተወሰደውን አይመልስም። ስለዚህ እትዬ ሁሉም ሰነድ እንደተወሰደ ቆጥረው እንዲሠሩ መከርኳቸው።

እሳቸውም ሰኞ ጠዋት የባንክ ቅርንጫፋቸው ሄደው የደብተሩ ቅጂ ሌላ እጅ ሳይገባ እንዳልቀረና በስማቸው በኢሜይል ብቻ የሚመጣ ማዘዣ እንዳይስተናገድ አስታወቁ። በጅቡቲ ላለው የዕቃ አስተላላፊያቸው ደግሞ የክፍያ ሒሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል ደብዳቤ በእሳቸው ስም ቢደርሰው በስልክ ሳያረጋግጥ እንዳይቀበለው ነገሩት። የደንበኞቹን መታወቂያ ከድራይቭ አጥፍተው ወደ ወረቀት መዝገብ መለሱት።

በዚያው ቀን ሁለቱን ዝርዝሮች ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትን። በመሣሪያዎቹ ገጽ የእትዬ ስልክና የመደብሩ ኮምፒውተር ብቻ ገብተው ይታያሉ፤ በተገናኙት መተግበሪያዎች ገጽ ጨዋታው ብቻ ቀርቷል። ከዚያ እትዬ የዱቤ መዝገባቸውን ዘርግተው መታወቂያቸው ድራይቭ ላይ ወደነበረው 11 ደንበኞች አንድ በአንድ መደወል ጀመሩ። ለእያንዳንዳቸው ምን እንደሆነ፣ በስማቸው ሲም ካርድ ወይም ብድር ወጣ የሚል ነገር ቢሰሙ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሳይቸኩሉ ነገሯቸው። አሥሩ ስልክ አነሡ። አሥራ አንደኛው ስላላነሡ እትዬ በማግሥቱ ከፊራ ገበያ ድረስ ሄደው ሱቃቸው ውስጥ አግኝተው ነገሯቸው።